ዋጋው የየትኛው ቀን ዋጋ ነው?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቪትዝ መኪናዬን ከአራት ዓመት በፊት በ900 ሺህ ብር ገዛሁና በዚያው ዋጋ ሙሉ ኢንሹራንስ አስገባሁ። በየዓመቱ ሳድስ ዋጋውን አልነካሁትም። ባለፈው ወር መገናኛ አካባቢ አንድ አይሱዙን ከኋላ ገጨሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ጋራዡ 220 ሺህ ለዕቃ፣ 80 ሺህ ለእጅ ሥራ፣ በድምሩ 300 ሺህ ብር ጠየቀ። ኢንሹራንሶቹ ግን ‹መኪናሽ ዛሬ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ያወጣል፤ አንቺ ያስገባሽው በግማሹ ነው› ብለው 123 ሺህ ብር ብቻ እንከፍላለን አሉኝ። እስከ 900 ሺህ ዋስትና ያለኝ ሰው እንዴት 300 ሺህ እከለከላለሁ? ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ ‹በተስማማችሁበት ዋጋ ይጻፉልሽ፤ ለቤቱ ደግሞ አሮጌውን በአዲስ የሚተካውን ጠይቂ› ትለኛለች። የቤታችን ኢንሹራንስ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው። የገባው በባንክ ብድራችን ልክ፣ በ3 ሚሊዮን ነው። ግራ ገባኝ።»
አስተማሪዋ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ እንኳን አንቺ ተረፍሽ። ብረቱ ይጠገናል።

እኔ ካሳ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እንዳንቺ ደብዳቤ ይዞ ጠረጴዛዬ ፊት የተቀመጠ ሰው ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ «እስከዚህ ድረስ ትከፍላላችሁ አላላችሁም?» ንዴታቸው ይገባኛል። ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ቁጥር ቃል የተገባልሽ ገንዘብ ይመስላል። አይደለም። ቁጥሩ ጣሪያ ነው፤ ከዚያም በላይ መለኪያ ነው። አንቺን የጎዳሽ ይሄ ሁለተኛው ሥራው ነው።

እቁብ ታውቂያለሽ። ሙሉ እጣ የሚጥል አለ፣ ግማሽ እጣ የሚጥልም አለ። እጣው ሲወጣ ግማሽ የጣለው ግማሹን ይወስዳል። ማንም «ለምን ሙሉውን አልሰጣችሁኝም» ብሎ አይጣላም። ኢንሹራንስም እንዲሁ ነው። አረቦን የሚሰላው ባስገባሽው ዋጋ ላይ በመቶኛ ነው። መቶኛውን ለምሳሌ 2 ብናደርገው፣ በ900 ሺህ ያስገባ ሰው በዓመት 18 ሺህ ይከፍላል፤ ያንኑ መኪና በ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ያስገባው ደግሞ 36 ሺህ። ሁለቱ አንድ ቀን አንድ መንገድ ላይ ቢጋጩ የሚሰበርባቸው ኮፋኖ እኩል ነው። የራዲያተሩም ዋጋ እኩል ነው። አብዛኛው አደጋ ደግሞ እንዳንቺው ከፊል ጉዳት ነው፤ መኪና ሙሉ በሙሉ የሚወድመው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ለከፊል ጉዳት ሁለቱም እኩል ቢከፈላቸው ግማሹን አረቦን የከፈለው ብልጥ፣ ሙሉውን የከፈለው ሞኝ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን ያስገባሽው ዋጋ ከመኪናው ትክክለኛ ዋጋ ካነሰ፣ ባነሰው ልክ አንቺ የራስሽ ኢንሹራንስ እንደሆንሽ ይቆጠራል። የሙያው ሰዎች አቬሬጅ ይሉታል። «አቬሬጅ ተመታ» ካሉሽ ይሄው ነው።

123 ሺህ እንዴት እንደመጣ ልገምት። ከ220 ሺህ የዕቃ ዋጋ ላይ ለእርጅና 20 በመቶ፣ ማለትም 44 ሺህ ቀንሰዋል። አሮጌ መብራት አውጥተው አዲስ ሲገጥሙልሽ መኪናሽ ከድሮው ተሻለ ብለው ነው። 176 ሺህ ቀረ። የእጅ ሥራው 80 ሺህ ሲደመር 256 ሺህ። ግማሹ 128 ሺህ። ከዚያ ላይ በያንዳንዱ አደጋ ከራስሽ የምትከፍይውን 5 ሺህ ቀነሱ። ቁጥሩ ልክ ገጠመ። ግን በግምት የገጠመ ሒሳብ አይበቃም። ሒሳቡን መስመር በመስመር በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ግማሹን የመቱበት አንቀጽ ፖሊሲሽ ውስጥ የት እንዳለም ያሳዩሽ። 

ሒሳቡን ስታገኚ ሁለት ቦታ ላይ ቁሚ።

አንደኛው የእርጅና ቅናሹ ነው። ጋራዡ አንዳንዱን ዕቃ ያገለገለ ገዝቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፓራፋንጎውን ከሶማሌ ተራ አምጥቶት ከሆነ፣ ለዚያ ዕቃ የእርጅና ቅናሽ ምን ያደርጋል? አሮጌ በአሮጌ ተተካ፤ መኪናሽ አልተሻሻለም። ፕሮፎርማውን ዘርዝረሽ አዲሱን ከአሮጌው ለይተሽ አቅርቢ።

ሁለተኛው ዋናው ነው፤ ያ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ከየት መጣ? የገበያ ዋጋ የሚባለው መኪናሽ አደጋው ከመድረሱ አንድ ደቂቃ በፊት፣ በነበረችበት ሁኔታ፣ ፈቃደኛ ገዢ የሚከፍልባት ዋጋ ነው። «የቪትዝ ዋጋ» የሚባል የለም። የየትኛው ዓመት ሥሪት? ስንት ኪሎ ሜትር የሄደች? ቀለም የተቀባች ናት ወይስ የፋብሪካ ቀለሟ ያልተነካ? ሞተሯ ተከፍቷል? ገማቹ ማስታወቂያ ላይ ያየውን የንጹሕ መኪና ዋጋ ወስዶ ይሆናል። ማስታወቂያ ላይ ያለው ደግሞ ሻጭ የጠራው ዋጋ ነው፤ ከክርክር በኋላ የሚወርደውን ደላላ ሁሉ ያውቀዋል። የአንቺ መኪና በጊዜው 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብቻ ታወጣ እንደነበር ብታሳዪ ድርሻሽ ከግማሽ ወደ 60 በመቶ ይወጣል። 256 ሺህ በ60 በመቶ 153 ሺህ 600 ነው። 5 ሺህ ሲቀነስ 148 ሺህ 600። አንድ ቀን ተኩል መሯሯጥ 25 ሺህ ብር አካባቢ ያወጣልሻል ማለት ነው። የድሮ የአገልግሎት ደረሰኝሽን፣ የኪሎ ሜትሩን ፎቶ፣ በዚያ ወር የተሸጡ ተመሳሳይ መኪኖች ውል ካገኘሽ ቅጂውን ያዢ።

ሳቅ የሚያመጣው ነገር እዚህ ጋ ነው። ያው መኪና በበቂ ዋጋ ገብታ ሙሉ በሙሉ ወድማ ቢሆን ተቃራኒውን ትከራከሪ ነበር። ዋጋዋ በቂ ሽፋን ኖሮት መኪናዋ ስትወድም ባለ መኪናው «ኧረ ከዚህ በላይ ታወጣለች» ይላል፣ ኢንሹራንሱ «አታወጣም» ይላል። በከፊል ጉዳት ላይ አቬሬጅ ሲመጣ ደግሞ ባለ መኪናው የገዛ መኪናውን ያጣጥላል፤ ኢንሹራንሱ ያሞግሳታል። አንድ ደንበኛ ነበረን፣ በአንድ ዓመት ሁለቱም የደረሱበት። መጀመሪያ መብራቱና በሩ ተጎዳ፤ «ይቺ ቆርቆሮ» አላት። ከስድስት ወር በኋላ ተገልብጣ ወደመች፤ «እንደ ዓይኔ የምጠብቃት» ሆነች። ሁለቱም ደብዳቤ አንድ ፋይል ውስጥ ነበር። በአንድ መኪና ላይ ስትከራከሪ ዋጋዋ አንድ መሆን አለበት። ፋይል አይረሳም።

ዋጋው ለምን በዚህ ልክ ራቀ? ቪትዝሽ አልተሻሻለችም፤ እንዲያውም አራት ዓመት አርጅታለች። የወረደው ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሎ ስለነበር አገር ውስጥ ያለው ተፈላጊነቱ ጨመረ። መኪና እያረጀ ዋጋው የሚጨምርበት አገር ብዙ አይደለም። ሌላ አገር ሰው የመኪናውን ዋጋ በየዓመቱ ዝቅ ያደርጋል፤ እኛ ከፍ ማድረግ አለብን። የአንቺ ቁጥር አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ገበያው ትቶት ሄደ።

አሁን ወደ እህትሽ ምክር እንምጣ። የተናገረችው እውነት ነው፤ ለአንቺ ቪትዝ ግን አይሆንም።

በስምምነት ዋጋ የሚባለው ውል አለ። ሁለታችሁ አስቀድማችሁ «ይህ ዕቃ ቢጠፋ ወይም ቢወድም ይህን ያህል ይከፈላል» ብላችሁ ትፈርማላችሁ። ከአደጋ በኋላ የገበያ ዋጋ ስንት ነበር የሚል ክርክር የለም። ይህ አሠራር የኖረው በባሕር ጭነት ላይ ነው። ሞምባሳ ሳይደርስ የሰመጠን ዕቃ ማን አውጥቶ ይገምተዋል? ስለዚህ ጭነት ኢንሹራንስ ሲገባ ብዙ ጊዜ የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣውና የመድኑ ወጪ ተደምሮ 10 በመቶ ይጨመርበትና ያ ቁጥር የስምምነት ዋጋ ሆኖ ይጻፋል። አሜሪካና እንግሊዝ ደግሞ ለጥንታዊ መኪኖች የተለመደ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት የተንከባከቡት መኪና ገበያ ላይ አቻ የለውም፤ ገማች ቢልኩ «አሮጌ መኪና» ብሎ ያልፈዋል።

እኛም ጋ ይህን የሚፈልግ መኪና አለ፤ ቮልስ። አንድ ሽማግሌ አይረሱኝም። አባታቸው ያወረሷቸውን ቮልስ አፍርሰው እንደገና አሠርተዋታል። ቀለሟን፣ ወንበሯን፣ ሞተሯን። ደረሰኙን ሁሉ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ፤ አንዳንዱ የተጻፈው ሲጋራ ወረቀት ላይ ነበር። ሦስት መቶ ሺህ አውጥተዋል፤ በሦስት መቶ ሺህም አስገቧት። ፖሊሲው ላይ የዋጋ ሳጥን ውስጥ 300,000 ተጽፏል። መኪናዋ ተቃጠለች። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤታችን ገማች ላከ። ገማቹ በጊዜው ቮልስ ሲሸጥ የሚያወጣውን አየና 110 ሺህ አለ። ሽማግሌው «ተስማምተናል እኮ፣ ቁጥሩን ጽፋችኋል» አሉ። አልተስማማንም ነበር። የጻፍነው እሳቸው የነገሩንን ቁጥር ነው፤ ውሉ ደግሞ «ከተጻፈው ዋጋና ከገበያ ዋጋ ያነሰው ይከፈላል» ይላል። አረቦኑን ግን በ300 ሺህ ላይ ተቀብለናል። ዛሬም ሳስበው ደስ አይለኝም። ስናስገባቸው አንድ ሰው ቢነግራቸው ኖሮ ወይ አረቦኑን ይቀንሱ ነበር፣ ወይ እውነተኛ የስምምነት ዋጋ ይጠይቁ ነበር።

ልዩነቱን የምታውቂው ከቁጥሩ አይደለም፤ ከቁጥሩ አጠገብ ካለው ቃል ነው። የስምምነት ዋጋ ሲሆን ባለሙያ የገመተበት ሪፖርትና ፎቶ ይያያዛል። ውሉም ሙሉ በሙሉ ሲወድም የተስማማንበት ይከፈላል ብሎ በግልጽ ይናገራል። «ወይም የገበያ ዋጋ፣ ከሁለቱ ያነሰው» የሚል ሐረግ ካለ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን የገበያ ዋጋ ውል ነው። እህትሽ ያለችበት አገርም ይህ ወጥመድ አለ፤ ባለቤቱ ያስመዘገበውን ዋጋ ብቻ የሚጽፍና የስምምነት ዋጋ የሚመስል ፖሊሲ ይሸጣል። ሲደርስ ግን ከሁለቱ ያነሰውን ነው የሚከፍለው።

የእኛ ሕግ መነሻውም ወደ ገበያ ዋጋ ያጋድላል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 678 የዕቃ ኢንሹራንስ የካሳ ውል ነው ይላል፤ ካሳውም አደጋው በደረሰበት ቀን ዕቃው ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። የንግድ ሕጉ በ2013 ሲሻሻል የኢንሹራንሱ ክፍል አልተነካም። ስለዚህ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ የምታወጣ መኪና በ2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብታስገቢ ብትወድም የሚከፈልሽ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ነው። በተረፈው 700 ሺህ ላይ የከፈልሽው አረቦን ለሰማይ የተላከ ነው።

ደግሞም የስምምነት ዋጋ ዋጋ በሚሮጥበት ጊዜ ያስራል። በመስከረም በ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ተስማማችሁ እንበል። በግንቦት መኪናዋ 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ገባች፣ በሰኔ ወደመች። የሚከፈልሽ የመስከረሙ ነው። የስምምነት ዋጋ ክርክር ያስቀራል እንጂ የዋጋ ንረትን አይከላከልም። እንደ ቪትዝ በየቀኑ ለሚሸጥና ለሚገዛ መኪና ያ ክርክር ከባድ አይደለም፤ አቻው ሞልቷል። አንቺ የሚያስፈልግሽ የገበያ ዋጋ ውሉን ይዘሽ ቁጥሩን ማሳደግ ነው። ለመጪው ዓመት የዛሬውን ዋጋ ብቻ አትጻፊ። ዓመቱ መሃል ላይ ሊደርስበት የሚችለውን ጥቂት ጨምሪበት። በዓመቱ መሃል ዋጋው ብድግ ካለ እስከ እድሳት መጠበቅ የለብሽም፤ በደብዳቤ ጠይቀሽ ማሻሻያ ይጻፍልሻል። የምትከፍይው የቀረውን ወር ልዩነት ብቻ ነው። ማሻሻያው ግን ከተጻፈበት ቀን ወዲያ ነው የሚሠራው። ያለፈውን አደጋ አይነካም።

አሁን ቤቱ። ይሄን ስታነቢ ወንበር ይዘሽ ተቀመጪ። እንደ መኪናው ያለ ነገር ቤቱም ላይ ተኝቷል።

ቤታችሁን አላየሁትም፤ በምሳሌ እንሂድ። 150 ካሬ ሜትር ቪላ ይሁን። ዛሬ ያንኑ ቤት እንደገና ለመሥራት በካሬ 40 ሺህ ብር ይፈጅ እንበል። 6 ሚሊዮን ብር ሆነ። ቤቱን ብትሸጡት ግን 15 ሚሊዮን ይጠራበታል፤ ሰፈሩ፣ መንገዱ፣ የቦታው ስፋት አለበት። የባንክ ብድራችሁ ደግሞ 3 ሚሊዮን። አንድ ቤት፣ ሦስት ቁጥር። የትኛው ነው ፖሊሲው ላይ የሚጻፈው?

15 ሚሊዮኑ አይደለም። መሬት አይቃጠልም። ቦሌም ሆነ ጎሮ፣ እሳት ሰፈሩን አያወርደውም። ከተቃጠለ በኋላ ቦታው እዚያው አለ። የቀረባችሁ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ መስመሩ ነው። በመኪና ላይ የገበያ ዋጋ ጥሩ መለኪያ የሆነው መኪና ብረቱ ብቻ ስለሆነ ነው። በቤት ላይ ግን የገበያ ዋጋ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን መሬት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ለቤት የሚሆነው መለኪያ መልሶ የመሥራት ወጪ ነው።

3 ሚሊዮኑም አይደለም። ብድሩ ባንኩ እንዳይጎዳ የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። ባንኩ ገንዘቡን እስካገኘ ድረስ ሌላው አያሳስበውም፤ አልፈርድበትም። ችግሩ እሳት የሚያያዘው ከብድሩ ጋር ሳይሆን ከወጥ ቤቱ ነው።

ወጥ ቤታችሁ ተቃጠለ እንበል፣ አያድርስና። ማሳደሻው 800 ሺህ ብር ነው። ቤቱ 20 በመቶ አርጅቷል ይባል። አሁን ያላችሁ ተራው የካሳ ውል ከሆነ፣ ማለትም እርጅናን የሚቀንሰው፣ ከ800 ሺህ ላይ 20 በመቶ ይነሳና 640 ሺህ ይቀራል። ቤቱም አብሮ በእርጅናው ይታያል፤ 6 ሚሊዮኑ 4 ሚሊዮን 800 ሺህ ይሆናል። ያስገባችሁት 3 ሚሊዮን የዚህ 62 ተኩል በመቶ ነው። 640 ሺህ በ62 ተኩል በመቶ 400 ሺህ ይመጣል።

አሁን የእህትሽን ምክር ሰምተሽ «አሮጌውን በአዲስ ተኩልኝ» ብለሽ ውሉን ቀየርሽ እንበል፤ 3 ሚሊዮኑን ግን ሳትነኪ። የእርጅና ቅናሽ ቀረ፤ 800 ሺህ ሙሉ ይያዛል። ግን ቤቱም አብሮ በአዲስ ዋጋው ይለካል፤ 6 ሚሊዮን። ያስገባችሁት ግማሽ ነው። የ800 ሺህ ግማሽ ስንት ነው? 400 ሺህ።

ቁጥሩ አንድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በአንድ እጅ የሰጡሽን የእርጅና ቅናሽ በሌላው እጅ በአቬሬጅ ወሰዱት። ውሉን ስታሻሽይ ቁጥሩን ካላሻሻልሽ የከፈልሽበት ስሙን ብቻ ነው። ይህን ስንት የሽያጭ ሠራተኛ ለደንበኛ እንደሚነግር አላውቅም፤ እኔ ስሠራ የነበረበት ቦታ ብዙም አይነገርም ነበር። 6 ሚሊዮን ብታስገቢ ግን በአዲስ መተኪያው ውል 800 ሺህው ይከፈላል። በተራው ውል ደግሞ በ4 ሚሊዮን 800 ሺህ ብታስገቢ 640 ሺህ ታገኛለሽ። ሁለቱም ንጹሕ ውል ነው። የቱ እንደሚሻል በኪስሽ ወስኚ። እሳት በደረሰ ማግስት 160 ሺህ ከራስሽ ማውጣት ይከብድሻል ወይስ በየዓመቱ የአረቦኑን ልዩነት መክፈል? እኔ ለቤት የአዲስ መተኪያውን እመርጣለሁ። ያረጀ ጣሪያ መግዛት አይቻልማ፤ ቆርቆሮ ስትገዢ አዲስ ነው የምትገዢው።

ስለ 6 ሚሊዮኑም አንድ ነገር። ቁጥሩ ግንብና ጣሪያ ብቻ አይደለም። የተቃጠለውን ፍርስራሽ ጠርጎ ማውጣት አለ፣ የመሐንዲስና የፕላን ወጪ አለ፣ አጥሩና የውኃ ታንከሩ አለ። እነዚህ ውስጥ መግባታቸውን ጠይቂ። የግንባታ ዋጋ ደግሞ እንደ መኪናው ነው፤ ብረትና ሲሚንቶ ሲሮጥ አብሮ ይሮጣል። አንድ ጊዜ መሐንዲስ አስገምተሽ ለአምስት ዓመት ብታርፊ አራተኛው ዓመት ላይ የቪትዟ ታሪክ ይደገማል። የቤት ዕቃችሁ ደግሞ ለብቻው የሚጻፍ ነው። ሶፋና ፍሪጅ ቤቱ ውስጥ አይቆጠሩም።

እህትሽ ያላት ዓይነት ውልም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ብዙ የአሜሪካ የቤት ኢንሹራንስ በአዲስ ይተካል ሲባል መጀመሪያ የሚከፍለው እርጅና የተቀነሰበትን ነው። ቤቱ በእውነት ታድሶ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው የተቀነሰው የሚመለሰው። ቤቱንም ቢያንስ በመልሶ መሥሪያ ዋጋው 80 በመቶ ማስገባት የሚጠይቅ ብዙ ነው። እዚህም ተመሳሳይ ነገር ጠብቂ። በአዲስ የሚተካው ውል ገንዘቡን የሚሰጠው መልሶ ለሚሠራ ሰው ነው፤ ያውም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ ያንኑ ስፋትና ያንኑ ጥራት። «ገንዘቡን ስጡኝና ቤቱን እንዳለ እሸጠዋለሁ» ካልሽ ወደ ተራው ካሳ ይመልሱሻል። ፖሊሲው ላይ ስንት ወር እንደሚል ፈልጊ።

ባንኩም አለ። ፖሊሲው ላይ ባንኩ ቀዳሚ ተጠቃሚ ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ካሳው ወደ እጅሽ ከመምጣቱ በፊት የባንኩን ስምምነት ያስፈልገዋል። ዋጋውን ስታሳድጊ ቅጂውን ለብድር ክፍሉ ስጪ። አይከፉም፤ መያዣቸው ነው የሚጠነክረው። በ6 ሚሊዮኑ ከተገረሙ ብድሩ 3 ሚሊዮን እንደሆነ፣ የቀረው ደግሞ የእናንተ ቤት እንደሆነ ንገሪያቸው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የምትሠሪው ሁለት ነገር ነው። ለመኪናው ሒሳቡንና አንቀጹን በጽሑፍ ጠይቂ፤ የዋጋ ክርክርሽንም በደብዳቤ አስገቢና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቺ። ክርክሩ ካልተሳካ ወደ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል፤ ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። አትዘግዪ። ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ የካሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳል። 123 ሺህውን ግን በመጨረሻ ክፍያነት የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሚ፤ ፈርሚ ካሉሽ «ቀሪውን ሳልተው» የሚል ቃል በእጅሽ ጨምሪበት።

ለቤቱ ደግሞ የግንባታ መሐንዲስ ጥሪና መሬቱን ትቶ መልሶ የመሥራቱን ወጪ ብቻ በካሬ ገምቶ በአንድ ወረቀት ይስጥሽ። ይህን ይዘሽ ከእድሳቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ሂጂ። የሽያጭ ሠራተኛዋን አንዲት ጥያቄ ጠይቂያት፤ «ወጥ ቤቴ ብቻ ቢቃጠልና 800 ሺህ ቢፈጅ በዚህ ፖሊሲ ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» መልሱን በቃል ከሰጠችሽ በኢሜይል እንድትልክልሽ ለምኛት። ሒሳቡን ስትሠሪው ከላይ ካሰላሁት ጋር ካልገጠመ ፖሊሲውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።